የማይወልደው ወርቅ

በ2005 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ በማዕድን ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ የተማርኩት ጂኦሎጂ፤ ጂንካ የገባሁት በምደባ። ሥራዬ በወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎችን በማኅበር ማደራጀት፣ ፈቃድ እንዲያወጡ መርዳትና ምን ያህል እንዳመረቱ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ወርቅ ከየትኛው ድንጋይ ተፈልፍሎ የትኛው የወንዝ መታጠፊያ ላይ እንደሚተኛ አውቃለሁ። ዋጋው ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግን ማንም አላስተማረኝም። ከወሬ የለቀምኩትን ይዤ አዋቂ መስዬ ተናገርኩ፤ የሰሙኝ ሰዎች አመኑኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምጽፈው።

ማኅበሩ አሥራ አንድ አባላት ነበሩት፤ ስምንቱ ሴቶች ናቸው። ወንዛቸው ከሃና ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሊቀመንበሯ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የአሪ ሴት ነበሩ፤ ከባላቸው ጋር ወደ ሃና አካባቢ የመጡት ገና በልጅነታቸው ነው። አማርኛ የለመዱት ልጆች ከወለዱ በኋላ ገበያ ላይ ስለሆነ እኔን ሴቷንም አንዳንዴ «አንተ» ይሉኝ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ «ልጄ» ይሉኛል። እኔ «እማማ» ነበር የምላቸው። ቁጡ አልነበሩም፤ ግን ያልገባቸውን ነገር «ገባኝ» ብለው አያልፉም። ስብሰባ ላይ እሳቸው ካልገባቸው ስብሰባው አያልቅም።

አባላቱ የሚያጥቡት ወርቅ በቀን ከጥፍር ጫፍ አይበልጥም። ግማሹን ለየራሳቸው ይሸጣሉ፤ ግማሹን በአንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ያጠራቅማሉ። ብልቃጡ ሊቀመንበሯ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሚያጠራቅሙት ለወፍጮ ነበር። ሃና ያለው ወፍጮ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን ስለሚበዛ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሄደው ሳያስፈጩ ይመለሱ ነበር። በናፍጣ የሚሠራ የራሳቸው ወፍጮ ቢኖራቸው ያንን ድካም ይገላገላሉ፤ የአካባቢውም ሰው ከፍሎ ያስፈጫል።

ታኅሣሥ ላይ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወርቅ ወደ ሰማንያ ግራም ደረሰ። ጂንካ ፈቃድ ያላቸው አንድ ወርቅ አቅራቢ ነበሩ፤ ከአምራቾች ገዝተው ለባንክ የሚያስረክቡ ነጋዴ። ዋጋውን ጠይቄ አስልቼ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቢሸጥ ወፍጮውን ገዝቶ ለቤቱ ቆርቆሮ ይተርፋል። ወደ ሃና የሚሄድ የመሥሪያ ቤት መኪና አግኝቼ ሄድኩና ወንዙ ዳር ተሰበሰብን።

ሊቀመንበሯ ጠየቁኝ። «እንሽጥ ወይስ እንቆይ?»

እንዲቆዩ ነገርኳቸው። የወርቅ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እንዲያውም የኮራሁበት። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ሲሚንቶውም በየወሩ እየተወደደ ነው፤ ገንዘብ ሲረክስ ደግሞ ወርቅ ይወደዳል፤ ስለዚህ እስከ መስከረም ቢጠብቁ ወፍጮውን ገዝተው ሌላም ነገር ይተርፋቸዋል አልኩ። በጣቴ አሸዋው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሳይቀር ሣልኩላቸው።

አንዲት ሴት ብቻ አልተስማማችም። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ ቀርታለች። ከእኔ ብትበልጥ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ነው። ቤቷ ያፈሳል፤ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ድርሻዋን ሸጣ ክዳኑን ማሠራት እንደምትፈልግ ተናገረች። አግባቢዋ እኔ ነበርኩ። ለብቻዋ አስቀምጬ፣ አሁን የምታወጣው ድርሻ ከዘጠኝ ወር በኋላ ስንት ሊሆን እንደሚችል አሰላሁላት። ወረቀቱን አየችው እንጂ አላነበበችውም፤ ማንበብ አትችልም። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እሺ» አለችኝ።

ሚያዝያ ላይ ነጋዴው ስልክ ደውለው ወደ ሱቃቸው እንድመጣ ነገሩኝ። እኒህ ሰው ጂንካ የተወለዱ ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ። ነጋዴ ከመሆናቸው በፊት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ስለዚህም ይሁን በተፈጥሮአቸው ነገር ሲያስረዱ ረጋ ይላሉ። ሱቃቸው ጨርቅ ቤት ነው። ወርቁን የሚመዝኑት ከመጋረጃ ጀርባ ነበር፤ ትንሽ ሚዛን፣ መፈተኛ ድንጋይና የአሲድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ወርቅ በዓለም ገበያ ከባድ ዋጋ ጥሏል አሉኝ፤ በሥራቸው ዘመን እንዲህ ያለ አላዩም። ባንኩ የሚገዛው በዓለም ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ እሳቸውም የሚከፍሉት በዚያው ልክ ወርዷል። ስለ ሚያዝያው ውድቀት ብዙ ዓይነት ምክንያት ሲነገር ሰምቻለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። 

ለማኅበሩ ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለአለቃዬ መኪና ስለሌለ ሃና መሄድ አልችልም አልኩ፤ እውነትም መኪና አልነበረም፤ ነገር ግን የጭነት መኪና ለምኜ መሄድ እችል ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በየማለዳው በነጋዴው ሱቅ በራፍ እያለፍኩ ዋጋው ተመልሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከተመለሰ መጥፎውን ወሬ ሳልናገር ይቀርልኛል ብዬ ነው። እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ገደማ አለፈ።

ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። ወርቅ እየገዛ በዚያ መስመር የሚመላለስ አንድ ደላላ ወርቅ መውደቁን ነግሯቸው፣ ገና ይወድቃል ብሎም አስፈራርቷቸው ነበር። ሃና ስደርስ ሴቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ እንደ ወትሮው የወርቅ ማጠቢያ ሰሐናቸውን ጥለው ሊቀበሉኝ አልመጡም። ሊቀመንበሯ ብቻ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጥተው ጨበጡኝ። አንዳንዶቹ ከደላላው ጋር ተመሳጥሬ ነው ያስቆየኋቸው ማለት መጀመራቸውን ሳይደብቁ ነገሩኝ። እሳቸው እንደማያምኑት ጨመሩ። ከዚያ «ግን መቼ ነው ያወቅከው?» አሉኝ፤ አሁንም እንደ ወንድ ጠርተውኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ብዬ መለስኩ። እጄን ለቀው ወደ ሰሐናቸው ተመለሱ። 

መበለቲቱ ያን ሳምንት ድርሻዋን አስመዝና ወጣች። ለደላላው ነው የሸጠችው፤ ነጋዴው ከሚከፍሉት አሳንሶ ከፈላት። ወደ ጂንካ መኪና እስኪገኝ ጠብቂ፣ አብረን እንሂድ ብላት፣ መጠበቅ በቃኝ አለች። ልጆቿን ይዛ ወደ ወይጦ ሄደች፤ መንገድ ዳር ሻይና ምግብ የምትሸጥ እህት እንዳለቻት ሰማሁ።

የቀሩት ሰዎች ይመለሳል በሚል ተስፋ ቆዩ። አልተመለሰም። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ውድቀት መጣ፤ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ዋጋው ከታኅሣሡ ከሩብ በላይ ጎድሎ ነበር። ወፍጮው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ነጋዴው ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ የሚገባኝን ጥያቄ የጠየቅኩት። እስከዚያ ድረስ ስንት ገባ እንጂ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጠው ወረቀት አወጡ።

«አንድ መቶ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ሣጥንሽ ውስጥ ብታስቀምጪ፣ በዓመቱ ስትከፍቺው ስንት ግራም ይሆናል?» አሉኝ።

ያው ራሱ ነው አልኩ።

«መቶ ዶላሩን ለአሜሪካ መንግሥት ብታበድሪስ?»

ወለድ ይከፍለኛል አልኩ።

ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል ወለዱ በዓመት ሁለት ዶላር ነው እንበል፤ መቶ ዶላሬ መቶ ሁለት ሆኖ ይመለስልኛል። ነገር ግን በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በመቶ ዶላር ይገዛ የነበረው ዕቃ መቶ ሦስት ከገባ፣ ገንዘቤ ቢጨምርም የሚገዛልኝ ቀንሷል። በእጄ የገባው ሁለት፣ የተወደደው ሦስት፤ አንድ ጎደለብኝ። ከሚከፈለኝ ወለድ ላይ የዕቃው ውድነት ተቀንሶ የሚቀረው ነው እውነተኛው ወለድ አሉኝ። እዚህ ላይ ከዜሮ በታች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልልቅ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች «አበድሬ ከምከስር ወርቅ ይዤ ልቀመጥ፤ ወለድ ባይሰጠኝም ዕቃ ሲወደድ እሱም ይወደዳል» ይላሉ። ሁሉም ወርቅ ሲፈልግ ዋጋው ይወጣል። እኔ ወደ ላይ ሲወጣ ያየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ነበሩ።

ከዚያ ሌላ መስመር ጻፉ። አሁን ወለዱ ሦስት ሆነ፤ ውድነቱ ደግሞ ወደ አንድ ተኩል ወረደ። ያበደረ ሰው አንድ ተኩል ይተርፈዋል። ወርቅ የያዘው ግን የሚከፍለው የለም፤ እንዲያውም የማስጠበቂያ ያወጣል። ያንን ትርፍ እያየ ለምን ወርቅ ይዞ ይቀመጣል? ይሸጣል፤ ያበድራል። ብዙ ሰው ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ቁጥሮቹ ምሳሌ መሆናቸውን ደጋግመው ነገሩኝ፤ ነገሩ ግን የሚሄደው እንዲህ ነው።

«ወለዱን ጨመሩት ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ገና አልጨመረም አሉ። የሰማሁት ነገር የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ለዓመታት ገንዘብ እያወጣ የመንግሥትን የብድር ሰነድ ይገዛ ነበር፤ ያም ወለዱን ዝቅ አድርጎ ይዞታል። ያንን ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ ብሎ መናገሩ ብቻ በቃ። ለመንግሥት የሚያበድሩ ሰዎች ከፍ ያለ ወለድ መጠየቅ ጀመሩ፤ የዕቃ ውድነት ደግሞ እዚያ አልጨመረም። እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች ከነበረበት ተነሥቶ ከዜሮ በላይ ወጣ። ወርቅ የያዙት ሰዎች ደግሞ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ይመጣል ብለው ሸጡ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። እኛ ዘንድ ዘይቱም ስኳሩም እየተወደደ ነው፤ ታዲያ ወርቅ ለምን አብሮ አልተወደደም? ነጋዴው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ያየሽው የጂንካን ገበያ ነው። ወርቅ የሚተመነው በዶላር ነው። ልያዝ ወይስ ላበድር ብለው የሚያመዛዝኑት ባለገንዘቦች የሚያዩት የዶላሩን ወለድና የዶላሩን ሀገር ውድነት ነው። እኛ ጋ ያለው ውድነት ወርቁ ዋጋ ውስጥ የሚገባው ብር ከዶላር አንፃር ሲረክስ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ብሩ የረከሰው ጥቂት ነው።»

ታኅሣሥ ላይ አሸዋው ላይ የሣልኩት መስመር ከነምክንያቱ ስህተት ነበር። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ገንዘብ ሲረክስ ሰው ወደ ወርቅ ይሸሻል። የተሳሳትኩት የሌላ ሀገር ገንዘብ የሚለካበትን ነገር በእኛ ስኳር መለካቴ ነው፤ ወለዱንም ጨርሶ መርሳቴ። ከሱቁ ስወጣ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲሚንቶ በጫነ መኪና ላይ ሃና ሄድኩ። ይህን ጊዜ የተሰበሰብነው ወንዙ ዳር አልነበረም፤ ሞልቷል። ለወፍጮ ቤት ብለው ምሰሶ ያቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያ የለውም፤ ስድስት ምሰሶ ብቻ። አሥሩም መጥተዋል። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀጥሎ ነጋዴው የነገሩኝን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አሜሪካ፣ ማዕከላዊ ባንክ፣ ዶላር እያልኩ። ፊታቸውን ሳይ እየጠፉብኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

«ወለድ» ስል ሊቀመንበሯ አስቆሙኝ።

«ወለድ ያልሽው መውለድ ነው?»

መጀመሪያ አይደለም ልል ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ነው አልኩ፤ ገንዘብ ገንዘብ ሲወልድ ወለድ ይባላል።

በዚያ ሰሞን ዘመዳቸው ከአልዱባ ገበያ ፍየሎች ገዝቶ ልኮላቸው ነበር፤ ግማሾቹ ግን በሽታ ይዟቸው ሞተዋል። ሊቀመንበሯ ስለ ፍየሎቹ ነበር መናገር የጀመሩት፤ መጀመሪያ በአሪኛ ለሴቶቹ፣ ከዚያ በአማርኛ ለእኔ። አሥር ፍየል ያለው ሰው አለ። አሥር ፍየል የሚያወጣ ወርቅ ያለው ሰውም አለ። ፍየሎቹ በዓመት አራት ወለዱ፤ በሽታው ግን ስድስት ገደለ። ባለፍየሉ ስምንት ቀረው። ወርቁ አልወለደም፤ አልሞተምም፤ ባለወርቁ አሁንም የአሥር ፍየል ዋጋ አለው። ያኔ ማን ፍየል ይፈልጋል? ሁሉም ፍየሉን ሸጦ ወርቅ ይላል። በሌላ ዓመት ደግሞ፣ እንደገና ከአሥር ብንነሣ፣ ፍየሎቹ አራት ወለዱ፤ በሽታው አንድ ብቻ ገደለ። ለባለፍየሉ አሥራ ሦስት ሆኑለት። ባለወርቁ ያው የአሥሩን ይዞ ተቀምጧል።

«ያኔ ወርቅ የያዘ ሰው ፍየል ልስጥህ ቢሉት እሺ ይላል። ወርቁን ጣለ» አሉ።

ነጋዴው ወረቀት ላይ የጻፉት ሁሉ ይኸው ነበር። የሚወለደው ወለዱ ነው፤ በሽታው የዕቃው ውድነት ነው፤ ከተወለደው የሞተው ተቀንሶ የሚቀረው እውነተኛው ወለድ። የሚወለደው መብዛቱ ብቻ አይበቃም አልኳቸው፤ ስድስት ቢወልዱ በሽታው ሰባት ከገደለ ወርቅ የያዘ አሁንም ይሻላል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ። ወደ ውጭ ሲያዩ የነበሩት ሽማግሌ ዞረው ጠየቁኝ።

«ፍየሎቹ የማናቸው?»

የሩቅ ሀገር ሰዎች ናቸው አልኩ።

«እኛ አይተናቸው አናውቅም፤ ግን ወፍጮአችንን በሉት» አሉ። 

ልሽጥ ወይስ ልቆይ የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ይህን ጊዜ መልስ አልሰጠሁም። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛው ወለድ መውጣቱን ከቀጠለ ወርቁ ገና ሊወርድ ይችላል፤ ከተመለሰ ወርቁም ሊያገግም ይችላል፤ የትኛው እንደሚሆን ግን እኔም፣ ነጋዴውም፣ ማንም አያውቅም አልኳቸው። መልስ አለመስጠቴ ያናደዳቸው ነበሩ። ታኅሣሥ ላይ ታውቂ ነበር፣ ዛሬ አታውቂም? ያለችኝ ሴት አለች። 

የወሰኑት ሊቀመንበሯ ናቸው። ፍየሎቹ መውለድ ከጀመሩ በአንድ ዓመት አያቆሙም፤ ወፍጮ ግን ከዛሬ ይጠቅማል፤ ይሸጥ አሉ። ሐምሌ ላይ ብልቃጡን ይዘው እሳቸውና ሌላ አባል ጂንካ መጡ። ነጋዴው መዝነው የዕለቱን ዋጋ ከፈሉ፤ የራሳቸውን ትርፍ ያን ቀን አልቀነሱም፤ እኔ ሳልጠይቅ። ሊቀመንበሯ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። አዲስ ወፍጮ የሚገዛ አልነበረም። አገልግሎት የሰጠ ወፍጮ ከአንድ የጂንካ ሰው ገዙ፤ ድንጋዩ ያለቀ፣ ሞተሩ ጢሱ የበዛ።

ክረምቱ አልፎ ወፍጮው መሥራት ጀመረ። በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ይቆማል። ሲቆም ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ባየሁት ቁጥር በታኅሣሥ ዋጋ የሚገዛው አዲሱ ይታየኝ ነበር። በወለዱ ምክንያት ወርቅ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል፣ ትንሽ ከፍ እያለ፣ በአብዛኛው ዝቅ ሲል ቆየ፤ ስለዚህ የሊቀመንበሯ ውሳኔ ልክ ነበር። ይህን ስነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ልክ መሆን ወፍጮ አይሆንም ልጄ» አሉኝ፤ ክፋት ሳይኖርባቸው።

መበለቲቱን ያገኘኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከአርባ ምንጭ ስመለስ አውቶቡሱ ወይጦ ላይ ለምሳ ቆመ። መንገድ ዳር ከተደረደሩት ዳሶች በአንዱ ውስጥ ሻይ ስትቀዳ አየኋት። ልውረድ ልለፍ እያልኩ ቆየሁ፤ ወረድኩ። ሰላም ስላት እጇን ጠርጋ ጨበጠችኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው አለች። እህቷ ታማ ስለነበር ዳሱን የያዘችው እሷ ናት።

ያንጊዜ በሸጠችበት ዋጋና ማኅበሩ ሐምሌ ላይ በሸጠበት ዋጋ መካከል ብዙ ልዩነት እንዳልነበረ ልነግራት ፈለግኩ። ደላላው ቢበላትም፣ ከመጨረሻው ውድቀት በፊት ስለወጣች የከፋ አልደረሰባትም። እንዲያውም ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ወለዱ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሻይ ጠጪዎቹን እያስተናገደች በሙሉ ሰማችኝ። ስጨርስ ብርጭቆዬን አነሣች።

«አንቺ አልሰረቅሽኝም፤ እሱን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ሳታውቂ ነገርሽኝ። ከሃና ሳልወጣ፣ በዚያ በልግ ቤቴ አፍስሶ ልጄ ሳምባዋን ታመመች። ወርቁ ቢወጣም ቢወርድም ቆርቆሮው በጥር ነበር የሚያስፈልገኝ።»

ልጅቷ እንደዳነች ጠየቅኩ። ድናለች። የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ ሄድኩ። እስከ ጂንካ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያዋራኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ አንዱን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አልቀየርኩም፤ ጂንካም ቀርቻለሁ። የአምራቾች ሥልጠና ላይ ስለ ዋጋ የምናገርበት ሰዓት አለኝ። የማስተምረው በፍየል ነው። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ዕቃ ክፉኛ ተወደደ፤ ብዙዎች ወርቅ ሰማይ ይነካል አሉ። ማዕከላዊ ባንካቸው ግን ወለዱን በፍጥነት ሲያወጣው፣ አበዳሪዎች ወለዱ ውድነቱን ይቀድመዋል ብለው አመኑ፤ እውነተኛው ወለድ ወጣ፤ ወርቅም ለወራት ወረደ። ያን ጊዜ ቀድሜ «የሚወለደው ከሚሞተው ሊበልጥ ነው፤ ተጠንቀቁ» ብዬ ስለነበር ሠልጣኞቹ እንደ ጠንቋይ አዩኝ። ደስ አላለኝም። ታኅሣሥ 2005 ላይ ወንዙ ዳር ያመኑኝ ሰዎችም እንዲሁ ነበር ያዩኝ።

ደግሞም ብዙ ሳይቆይ ትምህርቴ ተፈተነ። እውነተኛው ወለድ ከፍ እንዳለ ሆኖ ወርቅ መውጣት ጀመረ። መንግሥታት ራሳቸው ለካዝናቸው እየገዙ ነው ተባለ፤ ጦርነት ፈሩ፤ ዶላር ብቻ መያዝ ፈሩ። ፍየሉ እየወለደ እንኳ ሌባ የሚፈራ ሰው ወርቅ ይገዛል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብሩ ከዶላር አንፃር በአንድ ጊዜ ረከሰ፤ በብር የሚከፈለው ዋጋ ዘለለ። ስለዚህ አሁን ሳስተምር ወለዱ ሲወጣ ወርቅ ወደ መድከም ያዘነብላል እላለሁ፤ ይወርዳል አልልም። ሌሎች ኃይሎችም አሉ፤ አንዳንዴ ይበልጡታል።

ዘንድሮ ሊቀመንበሯ ደወሉልኝ። አርጅተዋል፤ ወንዝ አይወርዱም፤ ማኅበሩን ሴት ልጃቸው ነው የምትመራው። ወርቅ እንዲህ ተወድዶ ሳለ ወጣቶቹ እንጠብቅ፣ ገና ይወጣል እያሉ መሸጥ እንቢ ብለዋል፤ መጥተሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ሄድኩ። የማውቀውን ነገርኳቸው፤ የማላውቀውንም ነገርኳቸው። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለና ወርቁ ከገዛው፣ ዋጋው ስንት ይደርሳል የሚለውን ተዉት አልኩ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ መቼ እንደሚያስፈልጋቸውም። አንዱ ወጣት የሚስቱ መውለጃ ደርሷል፤ ሌላው መሬት ሊከራይ ነው።

ግማሾቹ ሸጡ። ግማሾቹ ቆዩ። ጂንካ ከተመለስኩ በኋላ ዋጋው በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ወጣ፤ የሸጡት ደወሉልኝ። ይህን ጊዜ አልሸሸሁም፤ ስልኩን አነሣሁ።